የፊት ቅያሬው ነገም እንዲታረም፦ ማስክ፣ ስማርት ኦብጀክት ወይስ ሁለቱም?

ፎቶው የተነሳው በመልስ ዕለት፣ ድንኳን ውስጥ ነው። 14 ሰዎች ቆመዋል፤ መሃል ላይ የሙሽራዋ አያት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የሁሉም ፊት ያማረበት ፍሬም አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያ ፍሬም ላይ ግን እማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከሁለት ሰከንድ በኋላ በተነሳው ፍሬም እሳቸው ዓይናቸውን ከፍተው ፈገግ ብለዋል፤ ሙሽራው ግን ዞር ብሏል። ስለዚህ የእማማን ፊት ከሁለተኛው አምጥቶ በመጀመሪያው ላይ ማሳረፍ ነው። የራሳቸው ፊት፣ በራሳቸው ነጠላ፣ በዚያው ቅጽበት።

ያኔ ሥራውን የሠራሁት በጥድፊያ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ጭንቅላቱን በላሶ ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ ጠርዙን በኢሬዘር አለሰለስኩ፣ ቀለሙን በቀጥታ በሌየሩ ላይ አስተካከልኩ፣ ከዚያ ፍላተን አድርጌ፣ ማለትም ሌየሮቹን ሁሉ አንድ ላይ አዋህጄ አስረከብኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ አልበሙ ሊታተም ሲል፣ የሙሽራዋ ወንድም ደወለ። «ወንድሜ፣ እማማ ፈገግ ያሉበት ሳይሆን ረጋ ብለው የሚያዩበት ይሁንልን። እሳቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው።» የጠየቁት ፍሬም በእጄ ነበር፤ መመለሻ መንገድ ግን አልነበረኝም። ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩ፣ ያም አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው ነገ ምን ሊቀየር እንደሚችል ነው። በፊት ቅያሬ የሚመጣ እርማት ከአራት አይወጣም። ወይ ጠርዙ ይታረማል፣ ወይ የጭንቅላቱ መጠንና አቀማመጥ፣ ወይ ቀለሙና ብርሃኑ፣ ወይ ፍሬሙ ራሱ ይለወጣል። ፎቶሾፕ ውስጥ ያሉት መንገዶች የሚለያዩት ከእነዚህ አራቱ የትኛውን ክፍት አድርገው እንደሚያቆዩ ነው።

ኢሬዘርን በአጭሩ ልለፈው፤ አራቱንም ይዘጋል። የጠፋው ፒክስል ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። በተራ ሌየር ላይ የሚደረግ ማስክ ደግሞ የመጀመሪያውን ይከፍታል። ነጭ የተቀባው ይታያል፣ ጥቁሩ ይሸፈናል፣ ግራጫው በከፊል ያሳያል። ከወር በኋላም ከፍተህ ጠርዙን በነጭ ብሩሽ ብትመልሰው ከሥሩ ያለው ፒክስል በቦታው ነው። ሆኖም ማስክ ለመጠንና ለአቀማመጥ ምንም አያደርግም። ተራ ሌየርን 70 በመቶ አድርገህ አሳንሰህ ካረጋገጥክ በኋላ፣ በሌላ ቀን ወደ 100 ብትመልሰው ፊቱ ደብዝዞ ታገኘዋለህ። ፎቶሾፕ በማሳነሱ ጊዜ ፒክስሎቹን እንደገና አስልቶ የመጀመሪያዎቹን ጥሏል።

ስማርት ኦብጀክት ይህንን ችግር የሚፈታው ምንጩን ሳይነካ በውስጡ ስለሚያስቀምጥ ነው። በላዩ ላይ የምታየው ምንጩ በተሰጠው መጠንና ማዕዘን ተሰልቶ የወጣ ምስል ነው። 70 በመቶ አድርገህ በማግስቱ 98 ብታደርገው ስሌቱ የሚጀምረው እንደገና ከምንጩ ነው። እኔ ይበልጥ የምወድለት ደግሞ ቁጥሩን ማስታወሱን ነው። Ctrl+T ስትጫን ያኔ የሰጠኸው መቶኛና ማዕዘን ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ተጽፎ ይጠብቅሃል። በተራ ሌየር ግን ሁልጊዜ 100 በመቶና 0 ዲግሪ ብሎ ነው የሚጀምርልህ።

እንግዲህ ማስክ ወይስ ስማርት ኦብጀክት ለሚለው መልሴ ሁለቱም ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን መጠበቅ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ማስክ ያለውን ተራ ሌየር Convert to Smart Object ካልከው ማስኩ ከሌየሩ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ከውጭ ስታየው ማስኩ ጠፍቷል፤ ጠርዙን ለማረም ስማርት ኦብጀክቱን በድርብ ክሊክ ከፍተህ ውስጥ ትገባለህ። እዚያ ደግሞ ከሥር ያለው የቡድን ፎቶ ስለማይታይህ የነጠላውን ጠርዝ ከምን ጋር እንደምታጋጥመው ሳታይ ትቀባለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ስማርት ኦብጀክት አድርገው፣ ማስኩን ቀጥሎ ከውጭ ጨምርለት።

ሌላም አለ። ጭንቅላቱን ብቻ ቆርጠህ ወደ ስማርት ኦብጀክት አትቀይር፤ ፍሬሙን ሙሉውን አስገባ። ጭንቅላቱን ብቻ ካስገባህ ነገ ማስኩን እስከ ትከሻ ማስፋት ብትፈልግ የምታሰፋበት ፒክስል የለም። በእማማ ፎቶ የደረሰብኝ እንዲህ ያለ ነው። መጋጠሚያውን ፊታቸው ላይ፣ ነጠላው ግንባርን በሚነካበት መስመር ላይ አድርጌው ነበር። ነጠላ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለው ፀጉር ጥላ ሆኖ ይታያል። የሁለት ፍሬም ጥላ ደግሞ አይገጥምም። ቀይሬ መጋጠሚያውን ወደ ውጭ ገፋሁት፤ ነጠላውን ሙሉውን ከአዲሱ ፍሬም ወስጄ፣ ጥበቡ ትከሻ ላይ በሚያልፍበት መስመር አሳረፍኩት። ጥበቡ ራሱ የቀለም ጠርዝ ስለሆነ ዓይን እዚያ መስመር ማየትን ይጠብቃል፣ መጋጠሚያው ሳይታወቅ ያልፋል። ነጠላው ከጀርባ ካለው ሰው ልብስ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ ለስላሳ ብሩሽ በ15 በመቶ Flow ደጋግሜ እየቀባሁ ግራጫ አደረግኩት። ይህንን ሁሉ ማድረግ የቻልኩት ሙሉው ፍሬም ውስጥ ስለነበረ ነው።

ስማርት ኦብጀክት ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት መግቢያ አለው።

የመጀመሪያው በ Place Embedded የሚገባው ነው። ምንጩ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። PSD ፋይሉን በፍላሽ ወስደህ በሌላ ኮምፒውተር ብትከፍተው ሁሉም ነገር አብሮ አለ። ዋጋው የፋይሉ ክብደት ነው።

ሁለተኛው በ Place Linked የሚገባው ነው። እዚህ ፋይሉ የሚይዘው የምንጩን አድራሻ ነው። ፎልደር ስም ከቀየርክ፣ ወይም ሃርድ ዲስኩ ሌላ ቤት ከሄደ፣ በሌየሩ ላይ ቀይ ጥያቄ ምልክት ይመጣል፤ Relink to File ብለህ ታሳየዋለህ። ጥቅሙ አንድ ምንጭ በብዙ ፋይሎች ውስጥ ሲደጋገም ነው። ለምሳሌ የአልበም 40 ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ጌጥ ካለ አንዱን ስታርም ሁሉም ይታረማል። ለአንድ ፎቶ የፊት ቅያሬ ግን አልመክረውም። እኛ ጋ ፋይል ከዲስክ ወደ ዲስክ፣ ከስቱዲዮ ወደ ማተሚያ ቤት ሲዘዋወር ይውላል፤ አድራሻ ደግሞ በመንገድ ላይ ይጠፋል። ግድ ከሆነብህ ከማስረከብህ በፊት File > Package በማለት የተያያዙትን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስብ።

ሦስተኛው፣ ለዚህ ሥራ አብልጬ የምመርጠው፣ ሮው ፋይሉን እንዳለ ስማርት ኦብጀክት ማድረግ ነው። ካሜራ ሮው መስኮት ውስጥ Shift ስትይዝ Open የሚለው ቁልፍ Open as Object ይሆናል። ከላይትሩም የሚሠራ ደግሞ በ Edit In ሥር Open as Smart Object in Photoshop የሚለውን ያገኛል። ሌየሩን በድርብ ክሊክ ስትከፍት ወደ ካሜራ ሮው ይመልስሃል፤ ሙቀቱን፣ ብርሃኑን፣ ጥላውን ከሮው መረጃው ላይ እንደገና ታስተካክላለህ። ድንኳን ውስጥ ይህ በጣም ይጠቅማል። ነጭ ሸራ ያሳለፈው ብርሃን ደመና ባለፈ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ካሜራው ኋይት ባላንሱን በራሱ የሚመርጥ ከሆነ ደግሞ በሁለት ሰከንድ ልዩነት አንዱ ፍሬም ሞቅ ያለ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ሊወጣ ይችላል። ያንን ልዩነት JPEG ላይ ከማሳደድ ሁለቱን ሮው አንድ ዓይነት ኬልቪን ሰጥቶ መጀመር ይሻላል።

የሮው መንገድ አንድ ገደብ አለው፤ እሱም Auto-Align Layers ነው። ፍሬሞችን በራሱ የሚያገጣጥመው ይህ ትእዛዝ ስማርት ኦብጀክት ላይ አይሠራም፤ ሜኑው ውስጥ ፈዝዞ ታገኘዋለህ። ስለዚህ እዚህ ላይ መምረጥ አለብህ። ከአንድ ፍሬም አምስት ስድስት ፊት የምታመጣ ከሆነና ካሜራው በእጅ የተያዘ ከነበረ፣ ፍሬሞቹን እንደ ተራ ሌየር አስገብተህ አስተካክላቸው፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ስማርት ኦብጀክት አድርግ። የማስተካከሉ ስሌት ፒክስሉ ላይ ይቀራል፣ ሮውም ታጣለህ፣ ግን ብዙ ጊዜ ትቆጥባለህ። ለአንድ ፊት ግን አይጠቅምህም። ትእዛዙ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ዳራውን ነው፤ እማማ ግን ከዳራው ተለይተው ራሳቸውን አንቀሳቅሰዋል። በእጅ ማሳረፉ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የላይኛውን ሌየር ብሌንድ ሞድ Difference አድርገው፤ የገጠመው ሁሉ ይጠቁራል። ዓይንና አፍ አይጠቁሩም፣ ተለውጠዋልና። ጆሮን፣ የአፍንጫ ሥርን፣ የአንገት ጌጥን እያየህ በ Ctrl+T እስኪጠቁሩ አንቀሳቅስ። ለእማማ 98.5 በመቶ እና 1.2 ዲግሪ መዞር በቃኝ። ከዚያ ሞዱን ወደ Normal መልሰው።

ቀለሙን የት እናርመው የሚለው ቀጣዩ ምርጫ ነው። ትልቁን ልዩነት በካሜራ ሮው ውስጥ ጨርስ እላለሁ፤ ትንሹን ደግሞ ከፊቱ ሌየር በላይ በተጣበቀ Curves ሌየር። ሁለቱ ሌየሮች መሃል ላይ Alt ይዘህ ክሊክ ስታደርግ ኩርባው የሚነካው ከሥሩ ያለውን ፊት ብቻ ይሆናል። ትንሹን ለምን እዚያው ሮው ውስጥ አንጨርሰውም? ካሜራ ሮው ውስጥ ሆነህ የምታየው የመጣውን ፍሬም ብቻ ስለሆነ ነው። ቆዳው ከአጠገቡ ካለው እጅ ጋር መስማማቱን ማየት የምትችለው ሙሉው ፎቶ ፊትህ ሲኖር ብቻ ነው።

ስማርት ፊልተር ሌላው መንገድ ነው፤ እኔ ለግሬይንና ለጥራት ልዩነት ብቻ ነው የማስቀምጠው። የሚሰላው ከመጠን ለውጡ በኋላ በመሆኑ የጨመርከው ግሬይን ከፊቱ ጋር አብሮ አይለጠጥም። ነገር ግን በአንድ ስማርት ኦብጀክት ላይ ያሉ ስማርት ፊልተሮች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ማስክ ነው። ብዥታውን ከዓይን ላይ ለማንሳት ጥቁር ብትቀባ ግሬይኑም አብሮ ከዓይን ላይ ይነሳል። ስለዚህ ቦታ እየመረጡ መሥራት የሚያስፈልገው ነገር ወደ ተለየ ሌየር ይሂድ።

ሄሊንግና ክሎን ስታምፕ ስማርት ኦብጀክት ላይ በቀጥታ አይቀቡም። ባዶ ሌየር ከላይ ከፍተህ Sample የሚለውን Current & Below አድርግና እዚያ ቀባ። ይህ ሌየር ከሌሎቹ የሚለይበትን ነገር ግን ልብ በል። የቀባኸው በዚያች ሰዓት የነበረው ቀለም ቅጂ ነው። በኋላ ሮውን ከፍተህ ብታሞቀው ፊቱ ይሞቃል፣ ጥገናው ግን ባለበት ይቀራል፤ ቆዳው ላይ እንደ ደረቀ ጠብታ የሚመስል ነጠብጣብ ይታይሃል። ጥገናውን የመጨረሻ ሥራ የማደርገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ትንሽ ሌየር ላይ ብቻውን ስለሚሆን ሲያስፈልግ እሱን ብቻ ጥዬ እደግመዋለሁ።

ተደርድሮ ሲታይ እንዲህ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፦

```
ፍተሻ          Curves፣ የተደበቀ
ጥገና          ባዶ ሌየር
ቀለም-እማማ     Curves፣ ከታች የተጣበቀ
እማማ-0417     ስማርት ኦብጀክት + ማስክ
መሠረት-0415    ስማርት ኦብጀክት
```

ቁጥሮቹ የፍሬሞቹ የፋይል ስም ናቸው። የትኛው ፊት ከየት እንደመጣ ከወር በኋላ የሚነግርህ ይኸው ስም ነው። «ፍተሻ» የተባለው ሌየር ኩርባው ቁልቁለት የበዛበት Curves ነው፤ ስታበራው ንጽጽሩን ያጋንናል፣ በተለመደው እይታ የማይታየው መጋጠሚያ እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ማስኩን ራሱን ደግሞ Alt ይዘህ ትንሹን ምስሉን ክሊክ አድርገህ እየው። ንጹሕ ጥቁር ይሆናል ብለህ ያሰብከው ቦታ ላይ የተረሱ ግራጫ ነጠብጣቦች ይገኛሉ፤ በህትመት ላይ የሰው ልብስ ላይ ጥላ ሆነው የሚወጡት እነሱ ናቸው።

አሁን የሙሽራዋ ወንድም እንደገና ደወለ እንበል፤ ረጋ ያሉበት ፍሬም 0421 ይሁን አለ። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው በሌየሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገህ Replace Contents ማለት ነው። አዲሱ ፍሬም የድሮውን መጠንና ማዕዘን ይዞ ይገባል፣ ማስኩም ቀለሙም ባሉበት ይጠብቁታል። የፒክስል መጠኑና ሬዞሉሽኑ ከድሮው ጋር አንድ ከሆነ ችግር የለም፤ ከተለየ ግን ፊቱ አብጦ ወይም አንሶ ይመጣል። ሁለተኛው መንገድ የድሮውን ሳይነኩ ማቆየት ነው፤ New Smart Object via Copy ብለህ ቅጂ አውጣ፣ የቅጂውን ይዘት ቀይር፣ የድሮውን ዓይኑን ዝጋበት። ቅጂውን በ Ctrl+J አታውጣ። በ Ctrl+J የወጣው አንድ ምንጭ ይጋራል፤ የአንዱን ይዘት ስትቀይር ሌላውም አብሮ ይቀየራል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «የድሮው ይሻል ነበር» ብሎ ይመለሳል፣ ከሜሪላንድ የመጣችው አክስት ደግሞ ገና አላየችውም። የሚከፈለው የፋይል ክብደት ነው። የ24 ሜጋፒክስል ፍሬም በ16 ቢት ሳይጨመቅ 144 ሜጋባይት ነው፣ በ8 ቢት ደግሞ 72። ሦስት ፍሬም ካለህ እያንዳንዱ ምንጩንም ተሰልቶ የወጣውን ምስልም ይይዛል። PSD ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀመጥም፤ ከዚያ ሲያልፍ PSB አድርገህ አስቀምጥ። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ የምትሠራ ከሆነ ግን Replace Contents ብለህ፣ የድሮውን ፋይል በቀን ስም ለብቻ ማስቀመጡ ይቀላል።

ይዘቱ ከተቀየረ በኋላ የሚሠራው ጥቂት ነው። በሌየሩና በማስኩ መሃል ያለውን የሰንሰለት ምልክት አንሳ፤ ካላነሳህ ፊቱን ስትገፋ ማስኩም ተከትሎ ይሄድና የነጠላው መጋጠሚያ ከጥበቡ መስመር ይወጣል። ከዚያ በ Difference እንደገና አስገጥም፣ ሰንሰለቱን መልስ። በ0421 እማማ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገዋል፤ ስለዚህ ማስኩ አንገት ላይ አንድ ሁለት የነጭ ብሩሽ ምት ይፈልጋል። ጥገናውን ዓይኑን ዘግተህ እይ፤ የድሮው ፊት ላይ የተቀባ ስለሆነ አዲሱ ላይ ባዕድ ይሆናል፣ ጣለው። ቀለሙ በአብዛኛው እንዳለ ያገለግላል። እኔ ዘንድ ይህ ሁሉ ከሃያ ደቂቃ አያልፍም።

ይህን ሁሉ ለማን አልመክርም? ፎቶው ለስልክ ብቻ ከሆነ፣ ዛሬ ተልኮ የሚያበቃ ከሆነ፣ ተራ ሌየርና ማስክ ይበቃል፤ ፍላተን ሳታደርግ PSD አስቀምጥ እንጂ ሌላው ይቅር። ፎቶሾፕ የሌለው ሰው በብራውዘር የሚሠራውን ፎቶፒያን መጠቀም ይችላል። PSD ይከፍታል፣ ማስክም ስማርት ኦብጀክትም ያውቃል፤ ለሮው ምንጭ ግን አልተማመንበትም፣ ፍሬሞቹን አስቀድሜ ወደ TIFF ወይም JPEG ለውጬ ነው የማስገባው።

ለማተሚያ ቤት የሚሄደው ከፋይሉ ቅጂ የወጣ፣ ፍላተን የተደረገ TIFF ነው። ባለ ሌየሩ ፋይል እኔ ዘንድ ይቀራል፤ 0415፣ 0417 እና 0421 ሮዎቹም ከጎኑ በአንድ ፎልደር። የእማማ አልበም ከታተመ በኋላም አክስት ደወለች፤ ለግድግዳ የሚሰቀለው ላይ ግን ፈገግታው ይሁን አለች። የ0421ን ዓይን ዘጋሁ፣ የ0417ን ከፈትኩ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ታትሞ ወጣ።